የአር ኦ ሲ ከርቭ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ፤ ከት-ኦፉን ከሱ ማውጣት ይቻላል?

ፐብሊክ_ሄልዟ

ሰላም ለሁላችሁ። ማስተርሴን በፐብሊክ ሄልዝ እየሠራሁ ነው። ርዕሴ ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ ኤችአይቪ በደማቸው ካለ ሰዎች ውስጥ ቲቢ ሊኖርባቸው የሚችሉትን ለመለየት ምን ያህል ይረዳል የሚል ነው። ከኔ በፊት ተመሳሳይ ጥናት የሠራ ልጅ ዲፌንስ ሲያደርግ ገብቼ ስላይዱን በስልክ አንስቼዋለሁ። ጥግ ላይ ስለተቀመጥኩ ፎቶው ዘመም ብሏል፣ የፕሮጀክተሩ ብርሃንም መሃሉን አጥፍቶታል። "ምርጥ ከት-ኦፍ በዩደን" የሚል ጽሑፍ አለ፣ ማለትም ከስንት ሲአርፒ ጀምሮ ፖዘቲቭ እንደሚባል በዩደን ቀመር የተመረጠው፤ ቁጥሩ ግን አይታይም።

የሚታየው ይሄ ነው። ከርቩ ከታች በግራ ይነሳና ቶሎ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዛ እየተጋደመ ሄዶ ጫፉ ላይ ረጅም ቀጥ ያለ ሰያፍ መስመር ሆኖ ላይኛው የቀኝ ጥግ ይገባል። AUC = 0.85 ይላል። ከግራፉ ሥር በትንሹ "Diagonal segments are produced by ties." የሚል አለ።

ጥያቄዎቼ፦ ከት-ኦፉን ከፎቶው ማግኘት እችላለሁ ወይ? 0.85 ማለት 85 ከመቶ ትክክል ነው ማለት ነው? ያቺ ከሥር ያለች ጽሑፍስ ምን ትላለች? ልጁን ደውዬ እንዳልጠይቀው ለጊዜው ስልኩ አይሠራም።

ስታት_ላይት

ቀላል ነው እህቴ። 0.85 ማለት መቶ ሰው ብትመረምሪ 85ቱን በትክክል ይለይልሻል ማለት ነው። ከ0.8 በላይ ከሆነ ጥሩ ይባላል። ከት-ኦፉ ደግሞ ለግራ ላይኛው ጥግ በጣም የቀረበው ነጥብ ነው። ጣትሽን እዛ ላይ አድርጊና ቀጥ ብለሽ ወደ ታች ውረጂ፣ የደረስሽበት ቁጥር እሱ ነው። በፎቶሽ 0.15 አካባቢ ይመስለኛል።

ሀሳብ_በዛብኝ

ይቅርታ ርዕሱን ልሰርቅ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ተመርምሬ ሲአርፒ 18 አለኝ። ሳል የለኝም፣ ጉሮሮዬን ግን ያመኛል። በዚህ ከርቭ መሠረት ቲቢ ይዞኛል ማለት ነው?

ጋሽ ቁጥሩ

@ሀሳብ_በዛብኝ አይደለም። ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ቶንሲልም፣ የሳንባ ምችም፣ ቁስልም ከፍ ያደርገዋል። ይህ ከርቭ ደግሞ የተሳለው ኤአርቲ በሚባለው የኤችአይቪ ሕክምና በአንድ ክሊኒክ ታካሚዎች ላይ ነው፣ አንተ ከነሱ ውስጥ የለህም። የጉሮሮህን ነገር ያዘዘልህን ሐኪም ጠይቅ።

@ስታት_ላይት የጥጉ ነገር እውነት አለው፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚመርጠው። ወደ ታች ወርደህ ያገኘኸው 0.15 ግን ከት-ኦፍ አይደለም። የታችኛው መስመር ላይ ምን ተጽፏል? "1 - Specificity"። ስለዚህ 0.15 ማለት ቲቢ ከሌለባቸው ሰዎች 15 ከመቶው በስህተት ፖዘቲቭ ወጡ ማለት ነው። የጎኑ መስመር ሴንሲቲቪቲ ነው፣ ቲቢ ካለባቸው ስንቱን ያዝን የሚለው። ሁለቱም ድርሻ ናቸው። ሚሊግራም በሊትር የሚባል ነገር በዚህ ግራፍ ላይ የትም የለም። ከት-ኦፉን ከ0 እስከ 200 እያንቀሳቀስክ በየጊዜው ሁለቱን ድርሻዎች ምልክት ስታደርግ ነው ከርቩ የሚፈጠረው፤ ምልክቱ ይቀራል፣ የሲአርፒው ቁጥር ይጠፋል። ሠሪው ከነጥቦቹ ጎን ካልጻፈው በስተቀር ከፎቶ አይወጣም።

ልጅቷ ፎቶውን ትለጥፈው፣ ቢያንስ ሌላውን እናንብብ።

ፐብሊክ_ሄልዟ

ለጥፌዋለሁ ጋሽ። ግን እንዳልኩት ዘማማ ነው፣ የግራው ጎን ከቀኙ ይረዝማል።

ጋሽ ቁጥሩ

አየሁት። ጥሩ ነገሩ አራቱም የሳጥኑ ጥጎች ይታያሉ። ከጎን የተነሳ ፎቶ ላይ በማስመሪያ መለካት ያሳስታል፣ ምክንያቱም ለካሜራው የቀረበው ጎን ተለጥጦ የራቀው ተጨማድዶ ነው የሚወጣው። ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ሰያፍ መስመር አስምሪ። የሚገናኙበት ነጥብ ፎቶው ምንም ያህል ቢዘምም እውነተኛው 0.5 በ0.5 ነው። እሱን ከፎቶው የለካሽው መሃል ጋር አስተያዪው፣ በምን ያህል እንደሚሸሽ ወዲያው ይታይሻል። እኔ የስልኩን የሰነድ ስካነር ተጠቅሜ አራቱን ጥጎች ይዤ ሳጥኑን ካሬ አደረግኩትና ከዛ በ WebPlotDigitizer ነጥቦቹን አነበብኩ። ያለ እሱም በየ0.2 ባሉት ጭረቶች መገመት ይቻላል።

ከዛ በፊት ግን የታችኛው መስመር ከ0 ወደ 1 መሄዱን አረጋግጡ። R ላይ pROC በሚባለው የተሳለ ከሆነ ብዙ ጊዜ የታችኛው መስመር "Specificity" ይሆንና ከ1.0 ጀምሮ ወደ 0.0 ይወርዳል። ቅርጹ አንድ ነው፣ ቁጥሩ ግን ተገልብጧል። ይሄኛው የኤስፒኤስኤስ ነው፣ ስለዚህ ደህና ነን።

ያነበብኳቸው ነጥቦች፣ መጀመሪያ የታችኛው ቀጥሎ የጎኑ፦ 0.05 ላይ 0.45፣ 0.15 ላይ 0.70፣ 0.40 ላይ 0.90፣ 0.55 ላይ 0.95። ከዛ በኋላ እስከ ጥጉ ያ ረጅም ሰያፍ ነው።

ንባቤ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ? ኤዩሲ ማለት ከከርቩ ሥር ያለው ቦታ ስፋት ነው፣ ስላይዱ ራሱ 0.85 ብሎ ነግሮናል። ከነጥቦቹ ሥር ያለውን ቦታ ቆራርጬ፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ስፋት በአማካይ ቁመቱ አባዝቼ ደመርኩት፦

```
0.05 × 0.225 = 0.011
0.10 × 0.575 = 0.058
0.25 × 0.800 = 0.200
0.15 × 0.925 = 0.139
0.45 × 0.975 = 0.439
               0.847
```

ይገጥማል። 0.78 ወይም 0.91 ቢመጣ ኖሮ ወይ ፎቶውን ወይ መስመሮቹን ተሳስቼ አንብቤያለሁ ማለት ነበር።

የብድር ሰው

እኔ የምሠራው ብድርና ቁጠባ ውስጥ ነው፣ ማን ብድሩን ሳይመልስ ይቀራል የሚለውን በሎጂስቲክ ሪግሬሽን እንገምታለን። የኔ ከርቭ እንደዚህ አይጎብጥም። አንድ ጥግ ብቻ ነው ያለው፣ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ልክ እንደ ጣሪያ። ኤዩሲው 0.66 ነው። ሞዴሉ ደካማ ስለሆነ ነው?

ጋሽ ቁጥሩ

ሞዴሉን ገና አላየኸውም። ከርቩን የሰጠኸው "ይከፍላል፣ አይከፍልም" ተብሎ ያለቀለትን ውሳኔ ነው። ከት-ኦፉ 0.5 ላይ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ስለዚህ አንድ ነጥብ ብቻ ይወጣል። የላይኛው መስመር ላይ ያለህ ይመስለኛል፣ የታችኛውን አድርገው፦

```python
roc_auc_score(y, model.predict(X))
roc_auc_score(y, model.predict_proba(X)[:, 1])
```

የብድር ሰው

0.74 ሆነ 😅 ከርቩም ጎበጠ። ሪፖርቱ ግን ሄዷል።

የላብ ልጅ

ሰዎች፣ የዛ ረጅም ሰያፍ ነገር ማንንም አልገረመም? እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ያለችው ትንሿ የሲአርፒ ማሽን ከ5 በታች ከሆነ ቁጥር አትሰጥም፣ "<5" ብላ ትተወዋለች። ኤክሴል ላይ ስንመዘግብ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የምንጽፈው። "ties" ማለት እኩል ውጤት ያላቸው ሰዎች ማለት አይደል? ታዲያ ያ መስመር "<5" የወጣላቸው ሰዎች ቢሆኑስ?

ጋሽ ቁጥሩ

አንተ ልጅ ጥሩ ነገር አየህ። ልክ ነህ፣ እንዲያውም ከዛ በላይ ነው።

በከርቩ ላይ በሽተኛ ሲያዝ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ጤነኛ በስህተት ሲያዝ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እኩል ቁጥር ያላቸው ሰዎች ካሉ ግን ማን እንደሚቀድም መለየት ስለማይቻል ሁለቱንም በአንዴ በሰያፍ ያልፋቸዋል። ጫፉ ላይ ያለው ሰያፍ ከ0.55 እስከ 1 ይሄዳል፣ ማለትም ቲቢ ከሌለባቸው 45 ከመቶው አንድ ዓይነት ውጤት አላቸው። ይሄን ያህል ሰው በአጋጣሚ እኩል አይሆንም። መሣሪያው ከ5 በታች የማይቆጥር ከሆነ ሰያፉ የሚጀምርበት ነጥብ፣ 0.55 በ0.95፣ ልክ የ5 ከት-ኦፍ ነው። ከፎቶ የሲአርፒ ቁጥር አይወጣም ብዬ ነበር፤ ይሄ ነጥብ ግን በማሽኑ በኩል ተገኘ።

@ፐብሊክ_ሄልዟ ክሊኒኩ የሚጠቀምበት ማሽን ከስንት ጀምሮ እንደሚቆጥር አረጋግጪ። ደስ የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ኤችአይቪ በደማቸው ላሉ አዋቂዎች ሲአርፒን ለቲቢ ማጣሪያ መጠቀም ይቻላል ያለው በዚሁ ከ5 በላይ በሚል ከት-ኦፍ ነው።

ፐብሊክ_ሄልዟ

ጠየቅሁ፣ እውነትም "<5" ነው የሚለው!! ግን አሁን ግራ ገባኝ። ልጁ በዩደን መርጧል። ዩደን ደግሞ ሴንሲቲቪቲ ሲቀነስ የታችኛው ቁጥር አይደል? ሳሰላው 0.15 ላይ ያለው 0.55 ይሆናል፣ 0.40 ላይ ያለው 0.50፣ የ5ቱ ደግሞ 0.40። ስለዚህ የ5 ከት-ኦፍ ከሦስቱ መጨረሻ ነው የወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ለምን መጥፎውን መረጠ?

የ0.85ቱ ነገርም አልገባኝም ገና።

ጋሽ ቁጥሩ

መጀመሪያ 0.85ቱን። ቲቢ ያለበት አንድ ሰውና የሌለበት አንድ ሰው በዕጣ ብታወጪ፣ ያለበቱ ሰው ሲአርፒ ከሌላኛው የሚበልጥበት ዕድል 0.85 ነው። ይሄው ነው። እኩል ከሆኑ ግማሽ ይቆጠራል። በእጅሽ ሞክሪው፦ ሦስት በሽተኞች 8፣ 30 እና 60 አላቸው። አራት ጤነኞች 2፣ 4፣ 12 እና 20። ጥንዶቹ 12 ናቸው። 8 የሚበልጠው 2ን እና 4ን ብቻ ነው፣ ሁለት ማሸነፍ። 30ም 60ም አራቱንም ይበልጣሉ። አሥር ከአሥራ ሁለት፣ 0.83። አሁን 60ውን 600 አድርጊው፤ ምንም አይለወጥም። ኤዩሲ ተራውን እንጂ ርቀቱን አያይም።

መቶ ሰው መርምረሽ 85ቱን በትክክል ለየሽ ከሚለው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ያ ቁጥር ከት-ኦፍ ይፈልጋል፣ ኤዩሲ ግን ገና ከት-ኦፍ አልመረጠም። ክሊኒክሽ ውስጥም ማንም ጥንድ ሆኖ አይመጣም። አንድ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ አንቺ ጂን ኤክስፐርት ወደሚባለው የቲቢ ምርመራ ትልኪዋለሽ ወይ ትመልሽዋለሽ።

ስታት_ላይት

እሺ ጋሽ፣ ግን በተግባር 0.85 ያለው ከ0.75 ይሻላል አይደል? ለምን እናካብዳለን።

ጋሽ ቁጥሩ

ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሁለት ከርቮች ተቋርጠው የሚያልፉበት ጊዜ ግን አለ። አንዱ ግራው ላይ ከፍ ብሎ በኋላ ይደክማል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይጀምርና 0.90 ሴንሲቲቪቲ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። ለማጣሪያ የምትፈልገው ሁለተኛውን ነው፣ ኤዩሲው ቢያንስም።

ሲስተር ከወሎ

እኔ ኤአርቲ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ስለ ዩደን አላውቅም፣ ግን "መጥፎውን መረጠ" የሚለው ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ በማጣሪያው ቲቢ የለበትም የተባለ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። የቲቢ መከላከያ መድኃኒት ይጀመርለታል። ቲቢው ተደብቆ ካመለጠን፣ ለሙሉ ሕክምና አራት መድኃኒት የሚያስፈልገውን ሰው በአንድ ወይም በሁለት መድኃኒት ጀመርነው ማለት ነው፤ በሽታው አይድንም፣ መድኃኒት የሚለምድበት ዕድልም ይመጣል። በሌላ በኩል ሳይኖርበት ፖዘቲቭ የወጣው ሰው የሚደርስበት አክታ መስጠትና ውጤት መጠበቅ ነው። እነዚህ ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ክሊኒክ ውሎ አያውቅም።

ጋሽ ቁጥሩ

ሲስተር፣ እርስዎ ያሉት ነው የጥያቄው መልስ። እኔ ቁጥር ላይ ላስቀምጠው።

1000 ሰው ይምጣ፣ 100ው ቲቢ ይኑርበት እንበል።

0.15 ላይ ያለውን ነጥብ ከመረጥን 70 በሽተኛ እንይዛለን፣ 30 ያመልጡናል። ከጤነኞቹ 135 ይያዛሉ። ፖዘቲቭ ለወጣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ስለሚያስፈልግ 205 የጂን ኤክስፐርት ካርትሬጅ።

0.40 ላይ ከሄድን 90 እንይዛለን፣ ጤነኞቹ 360፣ ካርትሬጅ 450።

የ5 ከት-ኦፍ ላይ 95 እንይዛለን፣ ጤነኞቹ 495፣ ካርትሬጅ 590።

አሁን ልዩነቱን እይ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስንሻገር 20 ሰው ጨመርን፣ 245 ካርትሬጅ ጨመርን። ለአንድ ተጨማሪ በሽተኛ 12 ካርትሬጅ ገደማ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው 5 ሰው በ140 ካርትሬጅ፣ ለአንዱ 28። ከት-ኦፍ መምረጥ ማለት ይሄ ነው፦ ለአንድ ተጨማሪ በሽተኛ ስንት እከፍላለሁ፣ የትስ ላይ አቆማለሁ።

ዩደን ይሄን ጥያቄ ሳይጠይቅ ይመልሳል። በዚህ ቁጥር፣ አንድ ያመለጠ በሽተኛን ከ9 በስህተት የተያዙ ጤነኞች ጋር እኩል አድርጎ ነው የቆጠረው፣ ጤነኞቹ ለበሽተኞቹ ዘጠኝ እጥፍ ስለሆኑ። ማንም ቁጭ ብሎ 9 ይሁን ብሎ አልወሰነም፣ ከቀመሩ ነው የወጣው። ሲስተር 9 ትንሽ ነው ካሉ፣ ነጥቡ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ከርቩ ሳይነቃነቅ ደግሞ ዋጋው ይቀየራል። ሰዎቹ ለዓመታት መድኃኒታቸውን በትክክል የወሰዱ ቢሆኑና ከ1000ው 20ው ብቻ ቲቢ ቢኖርባቸው፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስትሻገሪ 4 ሰው በ249 ካርትሬጅ ነው። ለአንዱ 62። ኤዩሲው አሁንም 0.85 ነው፣ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አይናገርም።

የብድር ሰው

እኛ ጋ ይሄ በብር ነው የሚሰላው፣ ያልተመለሰ ብድር ይሄን ያህል ያከስራል፣ የተከለከለ ጥሩ ደንበኛ ይሄን ያህል ወለድ ያሳጣል ብለን። ሲስተር፣ እናንተ ጋ ማን ነው 9ኙን ወይም 28ቱን የሚወስነው?

ሲስተር ከወሎ

ካርትሬጁ ነው የሚወስነው። ወሩ መጨረሻ ላይ ካለቀ ከት-ኦፉ በራሱ ከፍ ይላል፣ የሚያስለውን ብቻ እንልካለን።

ፐብሊክ_ሄልዟ

እየገባኝ ነው። ግን አድቫይዘሬ ዩደን የሌለበት ቴሲስ አላውቅም ይላሉ። ሁለቱንም ብጽፍ?

ጋሽ ቁጥሩ

ጻፊው፣ ምንም ችግር የለውም፣ ሦስቱን ነጥቦች ከነካርትሬጃቸው በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጪ። ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ ግን። ፎቶውን አቅርበሽ እርከኖቹን ተመልከቺ። ትንሿ ሽቅብ የምትወጣው እርከን 0.05 ናት። አንድ በሽተኛ አንድ እርከን ስለሆነ፣ አንድ ሲካፈል በ0.05፣ ጥናቱ ውስጥ ቲቢ ያለባቸው 20 ሰዎች ብቻ ናቸው ማለት ነው። ከ0.90 ወደ 0.95 ያለው ልዩነት፣ ስንከራከርበት የዋልነው፣ አንድ ሰው ነው። 18 ከ20 የሚለው ደግሞ በ95 ከመቶ መተማመኛ ከ70 እስከ 97 ይዘረጋል። እኔ ያሰላሁት 12 እና 28ም በዛው ልክ ይዋልላሉ። ዩደን በተለይ በእንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ላይ አይታመንም፣ የወጣበት ናሙና ላይ ከፍተኛውን እየፈለገ ስለሚመርጥ አዲስ ታካሚዎች ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው።

ስታት_ላይት

ከፎቶ የናሙና ብዛት? 😂 ማጋነን እንዳይሆን።

ፐብሊክ_ሄልዟ

ልጁ ተገኘ! 200 ሰው፣ 20 ቲቢ። ጋሽ እጅ ነሳሁ። ከኤስፒኤስኤሱ "Coordinates of the Curve" የሚለውን ሰንጠረዥም ላከልኝ፣ የሚያስፈልጉትን ሦስት መስመሮች ልለጥፍ፦

```
Positive if >=   Sensitivity   1 - Specificity
     4.50           .950            .550
     9.50           .900            .400
    21.50           .700            .150
```

የሱ ምርጥ 21.50 ነበር። ግን 4.50 ከየት መጣ? ማሽኑ ከ5 በታች አይቆጥርም ተባብለን ነበር።

የላብ ልጅ

"<5" ለሚለው 4 ብሎ ጽፎ ይሆናል። እኛም እንደዛ እናደርጋለን።

ጋሽ ቁጥሩ

እንደዛ ነው። ኤስፒኤስኤስ ከት-ኦፎቹን ተከታታይ በሆኑ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው የሚያስቀምጣቸው፣ 4 እና 5 ሲሆኑ 4.5። 21.50ም ቢሆን የማንም ታካሚ ውጤት አይደለም፣ በ21 እና በ22 መካከል ነው። ቴሲስ ላይ "21.5 ሚሊግራም በሊትር" ብለሽ እንዳትጽፊ፣ "22 እና ከዛ በላይ" በዪ። የታችኛውን ደግሞ "5 እና ከዛ በላይ"። ከድርጅቱ "ከ5 በላይ" ጋር በአንዲት ጭረት ይለያያል፣ ልክ 5 የወጣለት ሰው ካለ ወዴት እንደገባ እዪ።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፣ ይሄኛውን ፎቶም ሰንጠረዥም አይመልሰውም። ቲቢ እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው በምን ተለየ? 200ውም ሲአርፒያቸው ምንም ይሁን ምን አክታ ሰጥተው ጂን ኤክስፐርት ተሠርቶላቸዋል? ወይስ ሲአርፒው ከፍ ያለው ብቻ ተልኮ፣ የቀረው ዝም ብሎ "የለበትም" ተብሎ ተመዘገበ? ሁለተኛው ከሆነ ዝቅተኛ ሲአርፒ ይዘው ቲቢ ያለባቸው ሰዎች በጤነኛ ተቆጥረዋል። ሴንሲቲቪቲው ካለው በላይ ይታያል፣ 0.85ቱም እንደዚያው።

ሲስተር ከወሎ

ይሄን እኔም ልጠይቅ ነበር። የኛ ታካሚዎች ብዙዎቹ አክታ አይወጣላቸውም፣ በተለይ ሲዲ ፎራቸው ዝቅ ያለው። እነሱን የት አስገባቸው?

ፐብሊክ_ሄልዟ

ፕሮቶኮሉ ላይ "አክታ መስጠት ለቻሉ" ይላል እንጂ ላልቻሉት ምን እንደተደረገ አይልም። ማታ ልደውልለት ነው። ማሽኑ ላይ ተመዝግቦ ከሆነ የጂን ኤክስፐርቱን ቁጥር ከ200ው ጋር አስተያያለሁ።

ስታት_ላይት

እኔ አሁንም ጥጉን ነው የምመርጠው 🙂